አይቡ ይፍረድ፦ የዶሮ ወጥ ፎቶ ለወዳጅ ከመላኩ በፊት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ጥቂት ከተሰማ በኋላ ዝቅ ይላል)

 የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ትሪ ዶሮ ወጥ ነው። አሠራሩን አንነግራችሁም፤ እሱን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የምንነጋገረው ወጡ በስሎ፣ እንጀራው ተነጥፎ፣ እንቁላሉና አይቡ ቀርቦ፣ ከቤተሰቡ አንዱ «ቆዩ፣ ሳትቆርሱ ፎቶ ላንሳው» ሲል ስለሚመጣው ጣጣ ነው። በዓይን ሲታይ ቀይ፣ ወዙ የሚያብረቀርቅ ወጥ ስልኩ ላይ ሲታይ ይጠቁራል። እንጀራው አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ሰማያዊ ይመታል። ፎቶው ለጓደኛ ሲላክ «ምነው፣ አረረባችሁ እንዴ?» የሚል መልስ ይመጣል።

ይህ ጣጣ የሚብሰው በፋሲካ ሌሊት ነው። የ55 ቀኑ ጾም ተፈትቶ፣ ከቅዳሴ መልስ ማዕዱ የሚቀርበው ገና ሳይነጋ ስለሆነ ከመስኮት የሚገባ ብርሃን የለም። ያለው የሳሎኑ አምፖል፣ በጓዳው በር የሚያፈተልክ የፍሎረሰንት ብርሃንና የቴሌቪዥኑ ብልጭታ ነው። እኛም ለዛሬ የምንይዘው ይህንኑ አስቸጋሪ ሌሊት ነው፤ በሌሊት የተሳካለት ሰው ለቀኑ ፎቶ ብዙም አይቸገርም።

በመጀመሪያ ቀለሙ ለምን እንደሚበላሽ እንይ። ብርሃን የራሱ ቀለም አለው። ባለ ክሩ አምፖል ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ያደላል፤ በባለሙያዎቹ መለኪያ 2700 ኬልቪን አካባቢ ነው። የቀትር ብርሃን ወደ 5500 ይጠጋል፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ጥላ ውስጥ ያለው ብርሃን ከ7000 ሊያልፍ ይችላል፣ እሱም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፍሎረሰንት ደግሞ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነገር ይቀላቅላል። እኛ ይህን ሁሉ ልብ አንለውም። ዓይንና አንጎላችን ተባብረው ስለሚያርሙት ነጠላችን በሻማም በፀሐይም ነጭ ሆኖ ይታየናል። ስልኩ ግን ብርሃኑ ምን ዓይነት እንደሆነ መገመት አለበት። አዳዲሶቹ ስልኮች ግምታቸው የረቀቀ ቢሆንም፣ መነሻው ያው የቆየ ሐሳብ ነው፦ በአንድ ፎቶ ውስጥ ያሉት ቀለሞች ሁሉ ቢደባለቁ ወደ ግራጫ መምጣት አለባቸው የሚል። እንግዲህ ትሪው ሙሉ ለሙሉ ቀይ ወጥ ከሆነ ስልኩ «ቀይ የሆነው ብርሃኑ ነው» ብሎ ይደመድማል። ቀዩን ለማቻቻልም ሰማያዊ ይጨምራል። በርበሬው ይደበዝዛል፣ እንጀራው የታመመ ሰው ፊት ይመስላል።

መፍትሔው ያለው እዚያው ትሪው ላይ ነው። አይብ ነጭ ነው። በየቤቱ ትንሽ ቢለያይም፣ ጎመን ካልገባበት በስተቀር ሁላችንም የምናውቀው ነጭ ነው። ስለዚህ ፎቶው ላይ አይቡ ቢጫ ከሆነ ወጡም፣ እንጀራውም፣ የበላተኛው እጅም በዚያው ልክ ቢጫ ሆነዋል ማለት ነው። አይቡ ወደ ነጭነቱ ሲመለስ ሌላውም አብሮት ይመለሳል። እንጀራውን ግን ዳኛ አታድርጉት። የነጭ ጤፍ እንጀራ ራሱ ወደ ክሬምነት ያደላል፣ ሰርገኛው ቡናማ ነው፣ የቀይ ጤፉ ደግሞ ከዚያ ይጠቁራል፤ ትክክለኛ ቀለሙ የቱ እንደሆነ ፎቶውን ብቻ አይቶ መናገር አይቻልም። ወጥ ውስጥ የገባውን እንቁላልም ከላይ አትመኑት፣ በርበሬው አቅልሞታል። አንዱን ብቻ ለሁለት ብትከፍሉት ውስጡ ነጩም አስኳሉም ጥርት ብሎ ይታያል፤ ለዳኝነትም ያግዛል፣ ጠቆር ባለው ወጥ መሐል ቢጫው ሲታይም ደስ ይላል። ሁሉንም እንቁላል መክፈል ግን አያስፈልግም። የዶሮ ወጥ እንቁላል ድፍኑን ሲቀርብ ነው ወጉ።

አሁን ወደ ሳሎኑ እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ መብራት ማጥፋት ነው። የሚገርም ይመስላል፣ ግን ሁለትና ሦስት ዓይነት ብርሃን በአንድ ትሪ ላይ ሲወድቅ የወጡ አንዱ ጎን ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል። ይህን ደግሞ በኋላ በስልኩ በቀላሉ ማረም አይቻልም፤ አይቡን ነጭ ስታደርጉ በሌላኛው ጎን ያለው እንቁላል ሰማያዊ ይሆንባችኋል። የትኛው ብርሃን በርቶ ይቆይ ብትሉ፣ ደካማም ቢሆን አንድ ዓይነት የሆነው። የጓዳውን በር ዝጉ፣ ቴሌቪዥኑን ለሁለት ደቂቃ አጥፉት፣ የሳሎኑን አምፖል ብቻ ተዉ።

ይሁን እንጂ የሳሎን አምፖል ያለው ጣሪያው ላይ፣ ከራስ በላይ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ስታነሱ የራሳችሁና የስልኩ ጥላ በትሪው ላይ ይወድቃል። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው የስልኩን ፍላሽ ያበራል፤ እኔ ግን ለወጥ ፎቶ ፍላሽ ከቶ አልመክርም። ምክንያቱ ቅባቱ ነው። ቅቤው የወጣለት ወጥ ገጹ ያንጸባርቃል፣ ፍላሹም ከሌንሱ አጠገብ ስለሚነሳ ተመልሶ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ይገባል፤ በወጡ ላይ ትናንሽ ነጫጭ ነጥቦች ብቻ ይታያሉ። በእንጀራው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ከዚህም ይከፋል። የእንጀራ ዓይን በፎቶ የሚታየው እያንዳንዷ ጎድጓዳ የራሷ ትንሽ ጥላ ሲኖራት ነው። ብርሃኑ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ዓይኖቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ፊት ለፊት ሲመጣ ጥላው ስለሚጠፋ ያ ሁሉ የአብሲትና የምጣድ ጥበብ ልሙጥ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የሌላ ሰው ስልክ ተዋሱ። ባትሪውን አብሩና ከትሪው በስተግራ ወይም በስተቀኝ፣ ክንድ ያህል ርቆ፣ ከትሪው ትንሽ ከፍ ብሎ ይያዝላችሁ። ብርሃኑ ግን በቀጥታ አይውደቅ፤ ከፊቱ አንድ ድርብ ነጠላ ዘርጉበት። ነጠላው ብርሃኑን በስፋት ይበትነዋል፣ የጥላው ጠርዝ ይለሰልሳል፣ በወጡ ላይ ይታዩ የነበሩት ነጫጭ ነጥቦችም ሰፋ ያለና ረጋ ያለ ወዝ ይሆናሉ። ጥለቱን ግን ከብርሃኑ መንገድ አስወጡት፤ አረንጓዴ ጥለት ያለፈበት ብርሃን አረንጓዴ ነው። ቀለም የተቀባ ግድግዳም እንዲሁ ያደርጋል፣ ሰማያዊ ግድግዳ አጠገብ የተቀመጠ አይብ ሰማያዊ ይሆናል። በትሪው በሌላኛው ወገን ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ሰሃን ብታቆሙ ጥላ የዋጠው ጎን ጥቂት ብርሃን ያገኛል። አንድ ነገር አትርሱ፤ የስልክ ባትሪ ብርሃን ነጣ ያለ ነው፣ የሳሎኑ አምፖል ቢጫ ከሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ። በስልኩ ብርሃን የምታነሱ ከሆነ አምፖሉንም አጥፉት። ለግማሽ ደቂቃ ቤቱ ይጨልማል፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ምንም አይደለም። ነጋ ያለ እንደሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ትሪውን ከመስኮቱ አጠገብ አኑሩና መብራቱን አጥፉ፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚገባ ከሆነ ያንኑ ነጠላ መስኮቱ ላይ ስቀሉት።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ አቀራረቡ እንለፍ። ለፎቶ ተብሎ ወጡን ማበላሸት አያስፈልግም፣ ትንሽ ጥንቃቄ ብቻ ይበቃል። እንጀራ ወጡን ይጠጣል፤ ስለዚህ ብርሃኑም፣ ስልኩም፣ ሰውም ከተዘጋጀ በኋላ ነው ወጡ የሚወጣው። ጭልፋውን ከድስቱ ሥር አስገብታችሁ ወፍራሙን ቁሌት መጀመሪያ አውጡ፤ ከላይ የተንሳፈፈውን ቅባት መጀመሪያ ካወጣችሁት በእንጀራው ላይ ይሮጥና ጠርዙን ያረጥበዋል። ሁለት ጭልፋ ለአንድ እንጀራ ይበቃል። በወጡና በእንጀራው ጠርዝ መካከል ቢያንስ አራት ጣት ያህል ባዶ እንጀራ ይቅር፣ ዓይኑ የሚታየው እዚያ ነው። ከዚያ ብልቶቹን ከላይ አስቀምጡ፤ እግሩ ወይም ታፋው ብርሃኑ በሚመጣበት በኩል ይሁን። ሥጋው ከተዋጠ ተመልካቹ ዶሮ ይሁን ምንቸት አብሽ መለየት አይችልም። ቅባቱን መጨረሻ ላይ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ፣ በሥጋውና በእንቁላሉ ላይ አፍስሱ። ወዙ የሚፈለገው እዚያ ነውና። አይቡን ከወጡ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ የነካው እንደሆነ ጠርዙ ይቀላል፣ ለዳኝነትም አይሆንም። ትሪው ዳር ላይ የተረጨ ወጥ ካለ አሁን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ በስልክ እንደማጥፋት አድካሚ ነገር የለም።

ስልኩን ከማንሳታችሁ በፊት ሌንሱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። ጓዳ ሲገባ ሲወጣ የዋለ ስልክ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አይጠፋም፣ ከትኩስ ወጥ የሚነሳው እንፋሎትም ያርፍበታል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ አምፖሉ ዙሪያውን ጭጋግ ያለበት መስሎ ከታየ፣ ወጡም ጭስ የለበሰ ከመሰለ ሌንሱ ቆሽሿል። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉና 2x የሚለውን ተጠቀሙ። በጣም ሲቀርቡ ከፊት ያለው እግር ያብጣል፣ ክቡ እንጀራ ይንጋደዳል። ለዶሮ ወጥ የምመርጠው ተቀምጦ ማዕዱን ሲያዩት ያለውን ዕይታ ነው፣ ከጠረጴዛው በ45 ዲግሪ ያህል። ብልቱና እንቁላሉ ከፍታ ስላላቸው ከላይ ወደ ታች ካነሳችኋቸው ይደፈጠጣሉ።

ስክሪኑ ላይ ሥጋውን በጣት ንኩት፤ ስልኩ እዚያ ላይ ያተኩራል። ወዲያው የፀሐይ ምልክት ይመጣል፣ ጣትን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በመጎተት ብርሃኑን ማስተካከል ይቻላል። ጠቆር ያለ ወጥ ስትነኩ ስልኩ «ጨለመ» ብሎ ሁሉን ያፈካዋል፣ አይቡም ይነድዳል፤ ምልክቱን ጥቂት ወደ ታች ሳቡት። የመቆሚያው ነጥብ አይቡ ላይ ያሉት ቅንጣቶች መታየት ሲጀምሩ ነው። ጨለማ የሆነን ነገር በኋላ ማፍካት ይቻላል፣ ነድዶ ነጭ ብቻ የሆነን ቦታ ግን መመለስ አይቻልም፤ ምንም የተመዘገበ ቀለም የለበትምና። በሌሊት ስልኩ ብርሃን ለመሰብሰብ ጊዜ ስለሚፈልግ ክንዳችሁን ጠረጴዛው ላይ አስደግፉ፣ ሰዓት ቆጣሪውንም በ3 ሰከንድ ላይ አድርጉት፤ ቁልፉን ስትነኩ የሚፈጠረው መንቀጥቀጥ እስኪያልፍ ያግዛችኋል።

ፎቶው ተነሳ እንበል። የሳሎኑ አምፖል ብቻ በርቶ ነው የተነሳው፤ አይቡ የቅቤ መልክ አለው፣ ወጡ ከመሐል በኩል ጥቁር ነው፣ እንጀራው ብርቱካናማ ነው። ማረም ከመጀመራችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገው ማጣሪያ በርቶ እንደሆነ አጥፉት። በዚያ ስክሪን ላይ ያረመ ሰው የስክሪኑን ቢጫ ከፎቶው ላይ ሊያነሳ ሲታገል ለጓደኛው ሰማያዊ እንጀራ ይልካል።

በ Snapseed የምትሠሩ ከሆነ White Balance የሚለውን ክፈቱ። እዚያ ውስጥ ቀለም የሚቀዳ የጠብታ መምረጫ ምልክት አለ፤ እሱን ነክታችሁ አይቡ ላይ ውሰዱት። የትኛው የአይቡ ክፍል የሚለው ግን ወሳኝ ነው። ከሁሉ የፈካውን አትምረጡ፣ ነድዶ ሊሆን ይችላል። ከወጡ በኩል ያለውንም አትምረጡ፣ የወጡ ቅላት ነጸብራቁ ያርፍበታል። መሐሉ ላይ፣ ጥቂት ጥላ ያለበትን ቦታ ያዙ። ምልክቱ እንደተቀመጠ የፎቶው መልክ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፦ አይቡ ይነጣል፣ እንጀራው የጤፍ መልኩን ያገኛል፣ ወጡም ከብርቱካናማ ቡኒ ወጥቶ ደም መልበስ ይጀምራል። በአይፎን ፎቶ ማረሚያ ውስጥ ይህ ጠብታ የለም፤ እዚያ Warmth የሚለውን ወደ ግራ እየሳቡ ቢጫውን መቀነስ ነው። አረንጓዴ ነገር ከቀረ ደግሞ Tint የሚለው አለ፣ በአንድ ወገን አረንጓዴ በሌላው ሐምራዊ ነው። ዓይናችሁ አይቡ ላይ ይሁን፣ ወጡን አትዩ። እኔ በበኩሌ አይቡ ወረቀት እስኪመስል አላነጣውም፤ በሌሊት በአምፖል የተበላ ማዕድ ጥቂት ሞቅ ያለ መልክ ቢተርፈው ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ጥቁረቱ። ፈተናው Brightness የሚለውን መጨመር ነው፤ እሱን ስትጨምሩ ግን አይቡም እንጀራውም አብረው ይነጣሉ። የሚያስፈልገው Shadows ነው፣ ጨለማውን ክፍል ብቻ ያነሳል። ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ ሳቡት፤ በወጡ ውስጥ የበሰለው የሽንኩርት ቅንጣት መታየት ሲጀምር ቁሙ። ከዚያ ካለፋችሁ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ወጡም አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ በሌሊት ፎቶ ላይ ደግሞ አሸዋ የመሰሉ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ከዚያ Highlights ጥቂት ወደ ግራ፤ የቅባቱ ነጸብራቅ ይረጋጋል።

Saturation ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚያ ነው። ቀለም የሚያደምቀው መሣሪያ ነው። በጎመንና በካሮት ላይ ብዙ ጉዳት አያደርስም፣ በርበሬ ላይ ግን ክፉ ነው። የወጡ ቀይ ከመነሻውም ወደ ጣሪያው የተጠጋ ስለሆነ ሲጨመርበት ሁሉም ቦታ እኩል ቀይ ይሆናል፤ ቁሌቱ፣ ሥጋው፣ የቅባቱ ጠርዝ ልዩነታቸው ይጠፋና ወጡ የፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ይመስላል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ፎቶውን በሁለት ጣት አስፍታችሁ ወጡን እዩት፣ ቅንጣት የማይታይበት ድፍን ቀይ ካለ አልፋችኋል። አይቡ ከታረመ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ Saturation የሚያስነካ ምክንያት አይኖርም። ወጡ አሁንም ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ደግሞ ተዉት፤ ሽንኩርቱ ሰዓታት የተቁላላለት ዶሮ ወጥ መልኩ ያ ነው፣ የሚያውቅ ሰውም የሚፈልገው ያንን ነው።

ጾም ሲሆን ግን አይብ የለም። ለበያይነቱ የምትጠቀሙበት ነጭ ሶፍት ነው፤ አንድ እጥፍ ከትሪው ዳር፣ ወጦቹ ላይ የሚወድቀው ብርሃን በሚደርስበት ቦታ አኑሩና አብሮ ይነሳ። መጀመሪያ ቀለሙን በሶፍቱ አርሙ፣ ከዚያ ዳሩን ስትቆርጡ ሶፍቱም አብሮ ይሄዳል። በያይነቱ ዝርግ ስለሆነ እሱ ከላይ ቀጥ ተብሎ ሲነሳ ነው የሚያምር። ምስሩና ክክ አልጫው፣ ጎመኑና ቀይ ሥሩ ጎን ለጎን ቢሆኑ ይደማመቃሉ፤ ሽሮና ድፍን ምስር ከተጎራበቱ አንድ ወጥ ይመስላሉ። የጎመኑን ውኃ ማንጠፍ አትርሱ፣ አረንጓዴው ውኃ ወደ አልጫው ከገባ በስልክ የሚታረም አይደለም።

የቀረው መላኩ ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ስትልኩት ያሳንሰዋል፤ የእንጀራው ዓይን የሚደፈነው እዚያ ላይ ነው። ጥራቱ እንዲጠበቅ ከፈለጋችሁ File በሚለው በኩል ላኩት፣ በዋትስአፕ ደግሞ ከመላካችሁ በፊት HD የሚለውን ንኩ። በ File ሲላክ ግን ፎቶው ከነሙሉ መረጃው ነው የሚሄደው፤ የካሜራችሁ የቦታ ምዝገባ በርቶ ከነበረ የቤታችሁ መገኛ አብሮ ሊላክ ይችላል። ለእህት ለወንድም ቢሆን ግድ የለም፣ ብዙ ሰው ላለበት ግሩፕ ግን በተለመደው መንገድ ላኩት ወይም የካሜራውን የቦታ ምዝገባ አስቀድማችሁ አጥፉ። ያልታረመውንም ፎቶ አታጥፉት፤ ጠዋት በቀን ብርሃን ስታዩት የሌሊቱ እርማት በዝቶ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ ያኔ ከመነሻው መጀመር ይቻላል።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ይህ ነበር። 

(የመውጫ ሙዚቃ)